136 አዳር ወይስ 116? የአንድ ስብሰባ የሆቴል ሂሳብ እንዴት እንደተስተካከለ

ስብሰባው ረቡዕ አለቀ፣ ኢንቮይሱ በሚቀጥለው ማክሰኞ በኢሜይል መጣ። ከፍቼ አየሁት። የአዳራሹ ኪራይ ልክ ነው። ምሳውም ልክ ነው። የክፍሎቹ መስመር ላይ ስደርስ ግን 136 አዳር ይላል። እኛ የተዋዋልነው ለ40 ክፍል ለ3 አዳር ነው፣ 120 ማለት ነው። በዛ ላይ ያልመጡ ሰዎች አሉ። ያልመጡ ሰዎች እያሉ ቁጥሩ ከተዋዋልነው በላይ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ወዲያው ስልክ አነሳሁ። ስህተት ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ።

በጭንቅላቴ ያሰላሁት እንዲህ ነው። የመጡት 37 ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው እሁድ፣ ሰኞና ማክሰኞ አድረዋል፣ 37 ሲባዛ በ3 ያው 111 ነው። ስለዚህ ለሆቴሉ ሂሳብ ክፍል ኃላፊ «25 አዳር በትርፍ አስከፍላችሁናል» አልኳቸው። እሳቸው ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

«ሁለቱ አሰልጣኞች ቅዳሜ አልገቡም እንዴ?»

«ገብተዋል።»

«ታዲያ የቅዳሜው አዳር 111ዱ ውስጥ አለ?»

የለም። ረስቼዋለሁ። ቀን ቀድመው እንዲገቡ የፈቀድነው እኛው ነን።

«እስቲ መጀመሪያ የራስዎን ቁጥር ያስተካክሉና እንነጋገራለን» አሉኝና ተሰናበቱኝ። ልክ ነበሩ። ከዛ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል የምልከውን ሁሉ «አጣርተን እንመልሳለን» እያሉ ገፉት። አንድ ጊዜ ቁጥርህ ስህተት ሆኖ ከተገኘ፣ ቀሪው ትክክል ቢሆንም በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ውሉ ደግሞ ኢንቮይሱ ከደረሰን በኋላ ተቃውሞ በጽሑፍ ማቅረብ የምንችለው በ14 ቀን ውስጥ ነው ይላል። በስልክ የተናገርኩት አይቆጠርም። ከ14ቱ ቀን ግማሹ በከንቱ ሄደ።

በስምንተኛው ቀን ከዜሮ ጀመርኩ። ከሆቴሉ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 136 አዳር የተደመረበትን ዝርዝር፣ በየእንግዳው ስም፣ በክፍል ቁጥር፣ በገባበትና በወጣበት ቀን። ኢንቮይሱ ላይ ያለው አንድ ድምር ብቻ ነበር፣ እሱን ይዞ ደግሞ መከራከር አይቻልም። ዝርዝሩ በማግስቱ መጣ። ይሄንን ለመከልከል ምክንያት የላቸውም፣ ሲስተማቸው ውስጥ በቡድኑ ስም ተቀምጧል፣ አትሞ መላክ ነው።

ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ወደ ታች የእንግዶቹ ስም፣ ወደ ጎን አዳሮቹ፦ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሆቴሉ ያስከፈለበት ሌሊት ላይ 1 ጻፍኩ፣ ያላስከፈለበትን ባዶ ተውኩ። ከዛ `=SUM(B2:F42)` ብዬ ስደምረው 136 መጣ፣ ስለዚህ ዝርዝሩና ኢንቮይሱ ይገጥማሉ ማለት ነው። ይሄ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። ዝርዝሩ ከኢንቮይሱ ጋር ካልገጠመ ምን ላይ እንደምትከራከር አታውቅም።

ሰንጠረዡ እንደተሠራ ሁለት ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንደኛ፣ ስሞቹ 41 ናቸው። እኛ የላክነው 40 ነው። ሁለተኛ፣ የረቡዕ ዓምድ ውስጥ 11 ቁጥር አለ። ረቡዕ እኮ ሰው የሚወጣበት ቀን ነው። አዳር የሚቆጠረው በተተኛበት ሌሊት ነው፣ እሁድ ገብቶ ረቡዕ የሚወጣ ሰው አራት ቀን በሆቴሉ ቢታይም ያደረው ሦስት ሌሊት ነው። የረቡዕ ዓምድ ባዶ መሆን ነበረበት ማለት ይቻላል።

ከጎኑ ሁለተኛ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፣ በውላችን መሠረት መከፈል ያለበትን ብቻ። እዚህ ላይ ነው ለራሴ ጨካኝ የሆንኩት፣ ምክንያቱም የስልኩ ንግግር አልወጣልኝም። ኢሜይሌን ስፈትሽ አለቃዬ ለአንድ ተሳታፊ የረቡዕን አዳር እንደፈቀዱለት አገኘሁ፣ በረራው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ስለነበር። እኔ ኮፒ ተደርጌ ነበር፣ አላነበብኩትም። ሌላ ደግሞ አንድ ሰው ማክሰኞ ማታ ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄዷል። ማክሰኞን አላደረም፣ ግን ውሉ ቀድሞ የሚወጣ እንግዳ ከ24 ሰዓት በፊት ካላሳወቀ ይከፈልበታል ይላል። አናዶኛል፣ ግን የሆቴሉ ጥፋት አይደለም። 3 ብዬ ተውኩት።

ድምሩ 116 ሆነ። 37 ሰዎች በ3 አዳር 111፣ የአሰልጣኞቹ ቅዳሜ 2፣ የተፈቀደው ረቡዕ 1፣ ሳያሳውቁ የቀሩ ሁለት ሰዎች በውሉ መሠረት አንድ አንድ አዳር። ልዩነቱ 20 ነው፣ በስልክ ያልኩት 25 አይደለም። ያቺ 5 ናት አንድ ሳምንት ያባከነችብኝ።

አሁን 20ው ከየት እንደመጣ።

ትልቁ የረቡዕ ዓምድ ነው። ከ11ዱ አንዱ የራሳችን ነው አልን። ሁለቱ ተሳታፊዎች በራሳቸው ወጪ አንድ ሌሊት የቆዩ ናቸው፣ ወደነሱ እመለሳለሁ። የቀሩት 8 ግን ረቡዕ ማታ ቤታቸው ነበሩ። ውላችን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ክፍል መልቀቅ ይፈቅድ ነበር፣ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ ሰው ሻንጣውን የሚያስቀምጥበት እንዲያገኝ ብለን ያስገባነው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመሰለኝ ሪሴፕሽኖቹ ውሉን ስላላዩት አርፍዶ ለመውጣት ሙሉ አዳር እንዳስከፈሉ ነበር። እሱም ይሆናል፣ ውል የሚፈራረመው ሽያጭ ክፍል ነው፣ ሪሴፕሽን ላይ የቆመው ልጅ ብዙ ጊዜ አያየውም።

እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፣ እና እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ያተረፍኩት ዕውቀት ይሄ ነው። ክፍሉን ድርጅት ሲከፍል እንግዳው ሪሴፕሽን ሄዶ ሂሳብ የሚዘጋበት ምክንያት የለውም። ቁልፉን ክፍል ውስጥ ትቶ ወይም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። አውቶቡስ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ በጭራሽ አይሰለፍም። ሲስተሙ ግን ቼክ አውት ካልተደረገ ሰውየው ገና እዛው አለ ብሎ ነው የሚያስበው። ሌሊት ላይ የቀኑን ሂሳብ የሚዘጋው ሠራተኛ፣ ናይት ኦዲተር የሚሉት፣ ዛሬ መውጣት የነበረባቸው ግን ያልወጡ እንግዶች ዝርዝር ይመጣበታል። እነሱን አንድ ነገር ሳያደርጋቸው ቀኑን መዝጋት አይችልም። ወይ ቼክ አውት ያደርጋቸዋል፣ ወይ ቆይታቸውን በአንድ ቀን ያራዝማል። በእኩለ ሌሊት ስምንት በር ማንኳኳት አይችልም፣ ስለዚህ ያራዝማል። ሲያራዝም ሲስተሙ የአዳር ዋጋውን ራሱ በቡድኑ ሂሳብ ላይ ይጭናል። ማንም ሊሰርቀን አላሰበም። ስምንት ሰው ቁልፍ ጥሎ ሄደ፣ አንድ የደከመው ሠራተኛ ስምንት ጊዜ ቁልፍ ተጫነ።

ታዲያ ይሄ እንዴት ይረጋገጣል? የስብሰባው የመገኛ ፊርማ አይረዳም፣ እሱ ሰው ቀን አዳራሽ ውስጥ እንደነበረ እንጂ ሌሊት የት እንደተኛ አይናገርም። እኔ የነበረኝ ረቡዕ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል የወጣው አውቶቡስ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው፣ ፊርማ ያለበት። ከስምንቱ ሰባቱ አሉበት። ስምንተኛዋ በራሷ መኪና ነው የሄደችው። ለሷ ከኔ በኩል ምንም ወረቀት የለም።

ከሆቴሉ በኩል ግን አለ። ክፍል የሚያጸዱት ሠራተኞች በየጠዋቱ የትኛው ክፍል እንደታደረበት፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ መዝግበው ለሪሴፕሽን ይሰጣሉ። ሪሴፕሽን «ሰው አለበት» ያለው ክፍል በጽዳቱ መዝገብ «ባዶ፣ አልጋው ያልተነካ» ከተባለ ልዩነቱ እዛው ይታያል። የሐሙስ ጠዋቱን መዝገብ ስጠይቅ ኃላፊዋ «የውስጥ ሰነድ ነው፣ ለውጭ ሰው አይሰጥም» አሉኝ። አልተከራከርኩም። «ለኔ አይላኩልኝ፣ እርስዎ ስምንቱን የክፍል ቁጥሮች ይዘው ይዩት፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ስምንቱም ባዶ። ድምፃቸው ከመጀመሪያው ቀን ትንሽ ይለይ ነበር።

የሁለቱ በራሳቸው የቆዩት ጉዳይ ደግሞ ያስቃል። ሁለቱም ሐሙስ ጠዋት ሲወጡ ከኪሳቸው ከፍለዋል፣ ደረሰኝ አላቸው፣ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። እኛም ተጠይቀንበታል። ማለትም ሆቴሉ አንዱን አዳር ሁለት ጊዜ ሸጧል። የሆነው እንዲህ ነው፦ ቡድኑ ሲመዘገብ «የክፍል ዋጋ ሁሉ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ ይሂድ» የሚል ትዕዛዝ ለያንዳንዱ ክፍል ተሞልቷል፣ ግን ረቡዕ ላይ እንዲያበቃ አልተደረገም። ስለዚህ የረቡዕ አዳር በራሱ ጊዜ ወደኛ ፈሰሰ። እንግዶቹ ሲከፍሉ ደግሞ ገንዘቡ የግል ሂሳባቸው ላይ ገባ፣ ሂሳባቸው ላይ ግን ምንም ዕዳ አልነበረም። «የሁለቱን የግል ሂሳብ ይክፈቱት፣ ትርፍ ገንዘብ ተቀምጦ ሊያገኙ ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ተቀምጦ ነበር። ይሄ የተገኘበት ፍጥነት ለቀሪው ክርክር በጣም ረዳኝ።

የ41ኛው ስም ነገር ቀላል ነው። አንድ ተሳታፊ እኛ ዝርዝሩን ከመላካችን በፊት ራሱ ደውሎ ክፍል ይዟል፣ በኋላ በኛ ዝርዝርም ተመዘገበ። ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል ስለተጻፈ ሲስተሙ ሁለት ሰው አደረገው። አንዱ ገባ፣ ሌላው «ሳይመጣ ቀረ» ተብሎ 3 አዳር ተጠየቀበት። ዝርዝሩ ላይ የዚህ መስመር የክፍል ቁጥር ባዶ ነው። እንግዳ ሲገባ የሚፈርምበት የመመዝገቢያ ካርድም የለውም። ስምና ስልክ ቁጥሩን ጎን ለጎን አድርጌ ስልክላቸው፣ ክርክርም አልነበረም። 3 ወጣ።

ሌላ 3 የመጣው ስብሰባው 10 ቀን ሲቀረው ከሰረዝነው ሰው ነው። ውሉ 7 ቀን እስኪቀር ድረስ ያለ ክፍያ መሰረዝ ይፈቅዳል። ኢሜይሉን ለሽያጭ ክፍሉ ልጅ ልኬ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ መልሷል። ለቦታ ማስያዣ ክፍል ግን አላስተላለፈውም። ያቺ የሁለት ቃል መልስ ባትኖር ኖሮ የምይዘው የራሴን የላክሁትን ብቻ ነበር፣ «አልደረሰንም» ቢሉኝ ይከብድ ነበር።

የቀረው 4 ላይ ነው እውነተኛ ክርክር የተደረገው። ሳያሳውቁ የቀሩት ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት አዳር ተጠይቆባቸዋል፣ 6። ኃላፊዋ «ክፍሎቹን ለሌላ አልሸጥንም፣ ለናንተ ይዘን ነው ያሳደርናቸው» አሉ። በሰውኛ ሲታይ ተገቢ አነጋገር ነው፣ እና ውሉ ዝም ቢል ኖሮ 6ቱንም እንከፍል ነበር ብዬ አስባለሁ። ውሉ ግን ዝም አላለም። ሳያሳውቅ ለቀረ እንግዳ የመጀመሪያው አዳር ብቻ ይከፈላል፣ ከዛ ክፍሉ ነጻ ይሆናል ይላል። ስለዚህ 2 እንከፍላለን፣ 4 ይወጣል። ያኔ ኃላፊዋ ሌላ ካርድ መዘዙ፦ «120 ፈርማችሁ የለም ወይ? እንዲያውም ከ120 በታች መክፈል የለባችሁም።» ይሄንን ጠብቄው ነበር። ውሉ የሚከፈለው በተጠቀምንበት ልክ ነው፣ ከተያዘው 90 በመቶ በታች እስካልወረደ ድረስ ይላል። የ120 ዘጠና በመቶ 108 ነው። የተጨመሩትን ትተን በዋናዎቹ ሦስት ሌሊቶች የመጣው ሰው ብቻ 111 ይሞላል። አንቀጹን ቁጥሩን ጠቅሼ ላክሁላቸው። መልስ አልሰጡበትም፣ ከዛ በኋላም አላነሱትም።

ይሄ ሁሉ ተሰብስቦ በ12ኛው ቀን የሄደው ደብዳቤ አጭር ነው። ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦

«ለሆቴሉ ሂሳብ ክፍል፣

በላካችሁልን ኢንቮይስ ላይ 136 አዳር ተጠይቋል። በውላችንና በላካችሁልን ዝርዝር መሠረት አንድ በአንድ ስናመሳክር መከፈል ያለበት 116 ሆኖ አግኝተነዋል። ልዩነቱ 20 አዳር ነው። እሱም፦ ረቡዕ ወጥተው ቼክ አውት ሳይደረጉ የቀሩ 8፣ በራሳቸው ከፍለው ያደሩ 2፣ ሁለቴ የተመዘገበ ስም 3፣ በጊዜው የተሰረዘ 3፣ ሳያሳውቁ ከቀሩት ሁለት ሰዎች ላይ ከመጀመሪያው አዳር በላይ የተጠየቀ 4። የአሰልጣኞቹን የቅዳሜ 2 አዳር፣ የተፈቀደውን የረቡዕ 1 አዳር፣ የቀሩትን ሰዎች የመጀመሪያ 2 አዳርና ቀድሞ የወጣውን እንግዳ የማክሰኞ አዳር ተቀብለናል። ሰንጠረዡና ማስረጃዎቹ ተያይዘዋል። ለ20ው አዳር ከነአገልግሎት ክፍያውና ከነታክሱ ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ያልተከራከርንበትን ክፍያ ዛሬ ፈጽመናል።»

ስለ ተቀበልነው ነገር የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ለጨዋነት ብቻ አልገባም። ኃላፊዋ ያንን ሲያዩ ለኔ የሚጎዳውን ሳይቀር እንደቆጠርኩ ገባቸው፣ በስልክ ያነሱብኝ የአሰልጣኞቹ ነገርም እዛው ተዘጋ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ሥራውን ሠርቷል። አዳራሹን፣ ምሳውንና 116ቱን አዳር ከፈልን፣ የክፍያ ማዘዣው ላይ የኢንቮይሱን ቁጥርና «116 አዳር፣ 20 አዳር በክርክር ላይ» ብለን ጻፍን። ሙሉውን ይዘን ብንጠብቅ ኖሮ ጉዳዩ «ደንበኛው አልከፈለም» ተብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር። ሙሉውን ብንከፍል ደግሞ ተመላሽ ለማግኘት ስንት ወር እንደምንጠብቅ እግዜር ይወቅ። በነገራችን ላይ ሽያጭ ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ «ለሚቀጥለው ስብሰባ እንቀንስላችሁ» ብሎ ነበር። ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን የኛ በጀት በስብሰባ ነው የሚዘጋው፣ የዚህኛውን ገንዘብ ለሌላኛው ማሻገር አንችልም። እሱ ራሱ ሥራ ቢቀይርስ ማን ያስታውሰዋል?

ክሬዲት ኖት የጠየቅኩት አዲስ ኢንቮይስ አይሻልም ወይ ለሚል፦ የመጀመሪያው ኢንቮይስ ታክስ ተቆጥሮበት ወጥቷል፣ ሂሳብ ክፍሉ መዝገብ ውስጥ አለ። ዝም ብሎ ቀዶ ሌላ መጻፍ አይቻላቸውም። ክሬዲት ኖቱ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሶ «ከዚህ ላይ ይሄን ያህል ተቀንሷል» ይላል፣ ሁለቱ ተያይዘው ለኦዲተር ይቀርባሉ።

ከአራት ቀን በኋላ መጣ። 20 አዳር ይላል፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ ድምሩን በራሴ ሰራሁትና አልገጠመም። የክፍሉን መነሻ ዋጋ ብቻ ነው የቀነሱት። ኢንቮይሱ ላይ በያንዳንዱ አዳር ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሯል፣ በሁለቱ ድምር ላይ ደግሞ ታክስ። ያልታደረበት አዳር አገልግሎትም ታክስም የለውም። ሆን ተብሎ አይመስለኝም፣ ክሬዲት ኖቱን በእጅ የሞላው ሰው የክፍሉን ዋጋ ዓምድ ብቻ አይቶ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ክሬዲት ኖቱ ከኢንቮይሱ ላይ ሲቀነስ እኛ የከፈልነው ጋር ቁጭ ብሎ መግጠም አለበት። ለኃላፊዋ ይሄንኑ በሁለት መስመር ጻፍኩ። «ይቅርታ፣ ዛሬውኑ ይስተካከላል» አሉ። ተስተካከለ። ቀሪ ዕዳ ዜሮ የሚል የሂሳብ መግለጫም ጠየቅኩ፣ እሱም መጣ።

በዛው ሆቴል ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ስብሰባ አደረግን። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ጨመርን፦ የድርጅቱ ሂሳብ የሚቀበለው እስከ መጨረሻው የተፈቀደ ሌሊት ብቻ ነው፣ እና በየጠዋቱ በቡድኑ ስም ያደሩ እንግዶች ዝርዝር በኢሜይል ይላክልናል። በመውጫው ቀን ደግሞ አንዷ ባልደረባዬ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ቁልፍ ሰብስባ ለሪሴፕሽን አስረክባ፣ ቼክ አውት ሲደረጉ አይታ ነው የተሳፈረችው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት በመጣው ዝርዝር ላይ አንድ የማናውቀው ስም ነበር። ደወልኩ። የሌላ ቡድን እንግዳ በስህተት በኛ ስም ገብቶ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ከዝርዝሩ አስወጡት።